ምኑ ይጠበቅ? እስከ መቼስ? የምስጢር ጥበቃ ስምምነት አረቃቀቅ ዳሰሳ

«ሠራተኛው በሥራው አጋጣሚ ያወቀውን ማንኛውንም የድርጅቱን መረጃ፣ ውሉ ካበቃም በኋላ ቢሆን፣ ለማንኛውም ወገን ለዘለዓለም ላለመግለጽ ተስማምቷል።»

የአዲስ አበባ ድርጅቶችን የሰው ኃይል ፋይል የሚያገላብጥ ሰው ይህን አንቀጽ ወይም መንትያውን ሳያገኝ አይቀርም። ለአማካሪ ሲሆን «ሠራተኛው» የሚለው ተሰርዞ «አማካሪው» ይገባበታል እንጂ ሌላው አይለወጥም። አሠሪው ሲያነበው ደስ ይለዋል፤ ምንም ያመለጠው ነገር የለም። ክርክር ሲነሳ ግን ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቀው የትኛው መረጃ እንደተጣሰ ነው። ቀጥሎ ደግሞ ሰውየው ያን መረጃ የተናገረ ዕለት ግዴታው በሥራ ላይ ነበር ወይ ይላል። ከላይ ያለው አንቀጽ ለሁለቱም መልስ የለውም።

ይህ ዳሰሳ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ነው የሚከታተለው። ረቂቅ አዘጋጆች አብዛኛውን ጊዜ ትርጉሙን አንቀጽ 1 ላይ፣ ዘመኑን አንቀጽ 9 ላይ አድርገው አንዱን ከሌላው ሳያገናኙ ይጽፏቸዋል። በእኔ እምነት ግን ሁለቱ አንድ ጥያቄ ናቸው። እያንዳንዱ መረጃ የራሱ ዕድሜ አለው። የጨረታ ዋጋ እስከ መክፈቻው ሰዓት ድረስ ምስጢር ነው፤ የቅመም ምጥን ግን ለልጅ ልጅ ሊተላለፍ ይችላል። ሁለቱን «ለ2 ዓመት» በሚል አንድ ሐረግ መጠቅለል አንዱን ያለ ምክንያት ማሰር፣ ሌላውን ደግሞ ያለ ጊዜው መልቀቅ ይሆናል።

ሕጉ የሚሰጠው መሠረት

በኢትዮጵያ የምስጢር ጥበቃ ስምምነትን ብቻ የሚገዛ የተለየ አዋጅ የለም፤ ስምምነቱ የሚቆመው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የውል ድንጋጌዎች ላይ ነው። በቁጥር 1731 መሠረት በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ይጸናል። በቁጥር 1714 ደግሞ የተዋዋዮቹ ወይም የአንዳቸው ግዴታ በበቂ ሁኔታ ተለይቶ ሊታወቅ ካልቻለ ውሉ ውጤት አይኖረውም። ቁጥር 1738 ሲጨመር ነገሩ ለአሠሪው ይበልጥ ይከብዳል፤ ውሉ አጠራጣሪ ሲሆን የሚተረጎመው ግዴታ ለገባው ወገን በሚጠቅም መንገድ ነው። ቅጹን ያዘጋጀው ድርጅቱ፣ የፈረመው ሠራተኛው ከሆነ «ማንኛውም መረጃ» የሚለው ሐረግ ሲመነዘር ጥቅሙ ለሠራተኛው ያደላል ማለት ነው።

ከውሉ ውጭ ያሉ ጥበቃዎችም አሉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሌላውን መረጃ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ፣ ከመልካም የንግድ አሠራር ውጭ መግለጽን፣ መያዝንና መጠቀምን ተገቢ ካልሆኑ የንግድ ውድድር ድርጊቶች ይቆጥረዋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም የሙያ ምስጢርን መግለጽንና የንግድ ወይም የኢንዱስትሪ ምስጢርን ማውጣትን ይቀጣል። እነዚህ ግን ድርጅቱ ምስጢር አለኝ ብሎ ማሳየት ከቻለ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ለዚያ ማሳያ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ያው ስምምነቱ ነው።

በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚጠቀሰው መለኪያ ከንግድ ነክ የአእምሯዊ ንብረት መብቶች ስምምነት፣ ትሪፕስ ከሚባለው፣ አንቀጽ 39 ይመጣል። መረጃው በዘርፉ ላሉ ሰዎች በአጠቃላይ ያልታወቀ፣ ምስጢር በመሆኑ የንግድ ዋጋ ያለው፣ ባለቤቱም ምስጢርነቱን ለመጠበቅ ምክንያታዊ ጥንቃቄ ያደረገበት መሆን አለበት። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ከጠየቀች ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ሆኗታል፤ መለኪያው ለረቂቅ አዘጋጅ የሚጠቅመው ግን ስለሚገዛው ሳይሆን ትርጉሙን ለመፈተን ስለሚያመች ነው። በተለይ ሦስተኛው፣ የጥንቃቄው ጉዳይ፣ ብዙ ድርጅቶችን የሚጥል ነው።

ትርጉሙን የመጻፍ ሦስት መንገዶች

የመጀመሪያው «ማንኛውም መረጃ» የሚለው ነው፤ ስለ እሱ ከላይ ያልነው ይበቃል።

ሁለተኛው ምልክት የማድረግ መንገድ ነው፦ «ምስጢራዊ» የሚል ማኅተም ወይም ጽሑፍ ያለበት ሰነድ ብቻ ይጠበቃል፤ በቃል የተነገረ ከሆነ በ15 ወይም በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይረጋገጣል። ይህ የሕግ ክፍል ባላቸው ሁለት ትልልቅ ኩባንያዎች መካከል ይሠራል። ሰነዱ ሁሉ በቴሌግራም በሚመላለስበት፣ ሥራ አስኪያጁ የዋጋ ዝርዝሩን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ለአማካሪው በሚልክበት ድርጅት ግን ማንም ምልክት አያደርግም። በዚያ ላይ ሥርዓቱ ባለቤቱን መልሶ ይወጋዋል፤ ያልታተመበት ሁሉ ምስጢር አይደለም ብሎ ራሱ ፈርሟልና።

ሦስተኛው ዝርዝር ነው። መረጃዎቹ በዓይነት ተለይተው በአባሪ ይቀመጣሉ፤ ዋናው አንቀጽ ወደ አባሪው ይጠቁማል። ለመካከለኛ ድርጅት የሚመከረው ይህ ነው። ተቃውሞው የታወቀ ነው፦ «ያልተዘረዘረ ያመልጣል»። ያመልጣል፤ ግን ዝርዝሩ በዓይነት እንጂ በሰነድ ስም ስለማይጻፍ የሚያመልጠው ጥቂት ነው። ለዚያም በጽሑፍ ወደ አባሪው የሚጨመርበት አንድ ዓረፍተ ነገር በቂ ነው።

ምን ተዘርዝሮ ምን እንደሚቀር ለመወሰን በእንግሊዝ አገር በ1986 እ.ኤ.አ. በይግባኝ የተወሰነው የፋሴንዳ ቺክን በፋውለር ላይ ጉዳይ ያስተምራል። የእንግሊዝ ፍርድ እኛን አያስገድድም፤ ነገር ግን ታሪኩ ለአዲስ አበባ ነጋዴ ባዕድ አይደለም። ኩባንያው ትኩስ ዶሮ በማቀዝቀዣ መኪና እየዞረ ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች ይሸጣል። የሽያጭ ሥራ አስኪያጁ ሥራ ለቅቆ ተመሳሳይ ንግድ ከፈተ፤ ከቀድሞ ባልደረቦቹም በርከት ያሉት ተከተሉት። ኩባንያው የደንበኞች ስምና አድራሻ፣ የመኪናዎቹ መስመር፣ የሚወስዱት መጠን፣ የሚረከቡበት ቀንና ሰዓት፣ የየደንበኛው ዋጋ ምስጢሬ ነው ብሎ ከሰሰ። በውላቸው ውስጥ ከሥራ በኋላ የሚጸና የተጻፈ ገደብ አልነበረም። ፍርድ ቤቱም ኩባንያውን አሸናፊ አላደረገውም።

ከውሳኔው የሚወሰደው ሦስት ዓይነት መረጃ መለየቱ ነው። ማንም ሊያገኘው የሚችል ወይም ተራ የሆነ መረጃ አለ፤ ይህ በምንም አይጠበቅም። ሠራተኛው በሥራ ላይ እያለ ሊያወጣው የማይገባ፣ ሲለቅ ግን ከሙያው ጋር አብሮ ይዞት የሚሄድ አለ። ከሥራ በኋላም የሚታሰር እውነተኛ የንግድ ምስጢር ደግሞ አለ። ሦስተኛውን ከሁለተኛው ለመለየት ዳኞቹ የሥራውን ጠባይ፣ የመረጃውን ጠባይ፣ አሠሪው ምስጢር መሆኑን ለሠራተኛው በግልጽ አሳውቆት እንደሆነና መረጃው ሠራተኛው በነፃነት ሊጠቀምበት ከሚችለው ሌላ እውቀት ተነጥሎ መውጣት ይችል እንደሆነ አይተዋል። የመጨረሻው ጥያቄ ለረቂቅ አዘጋጅ እጅግ ይጠቅማል። ከሰውየው ጭንቅላት ለይተህ በአንድ መስመር ልትጽፈው የማትችለውን ነገር በአባሪው ውስጥ አታስገባው።

አንድ ባልትና ፋብሪካ

ነገሩን ለማሳየት አንድ ፋብሪካ እናስብ። በርበሬና ምጥን ሽሮ ያዘጋጃል፣ ለአዲስ አበባ ሱፐርማርኬቶች ያቀርባል፣ በጨረታ ለተቋማት ይሸጣል፣ ወደ አሜሪካና ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮችም ይልካል። በርበሬውን ከማረቆና ከአላባ አካባቢ ይገዛል። አሁን ሁለት ሰው ሊያስፈርም ነው፦ ከመስከረም 1 ቀን 2018 እስከ የካቲት 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ለስድስት ወር የቀጠራትን የምግብ ጥራት አማካሪ፣ እና ቋሚ የሽያጭ ሠራተኛውን።

ፋብሪካው ያሉትን መረጃዎች ዘርግተን ስናያቸው መጀመሪያ የሚመጣው ምጥኑ ነው፤ ስንት እጅ በርበሬ፣ ስንት እጅ ኮረሪማ፣ ስንት ጥቁር አዝሙድ፣ የመቁያው ሙቀትና ጊዜ። ይህ ከነቁጥሩ በአንድ ወረቀት ይጻፋል፣ ከሥራው ልምድ ተነጥሎ ይወጣል፣ ተወዳዳሪ ቢያገኘው ዛሬውኑ ይጠቀምበታል። ያለ ክርክር አባሪው ውስጥ ይገባል። በርበሬ እንዴት እንደሚታጠብና እንደሚደርቅ በአጠቃላይ ማወቅ ግን የሙያ እውቀት ነው፤ አማካሪዋ ሳትመጣም ታውቀዋለች፣ ሄዳም ለሌላ ደንበኛ ታስተምረዋለች።

ቀጥሎ የመግዣ ዋጋ አለ። ባለፈው መኸር ከአቅራቢው በኩንታል ስንት እንደተከፈለ ማወቅ ለተወዳዳሪ ዋጋ አለው፤ አዲሱ ምርት ገበያ ከገባ በኋላ ግን ታሪክ ነው።

የጨረታ ሰነድ ደግሞ ሁለት ክፍል አለው። በመንግሥት ግዥ የጨረታ ዋጋ ተጫራቾች በተገኙበት ተከፍቶ ይነበባል። ስለዚህ ጠቅላላ ዋጋው ከመክፈቻው ሰዓት በኋላ ምስጢር ነው ማለት አይቻልም፤ ወደዚያ ዋጋ ያደረሰው የውስጥ ስሌት ግን፣ ትርፉ ስንት እንደሆነና የትኛው ወጪ እንደተቀነሰ፣ ለሚቀጥለው ጨረታም ይሠራልና መጠበቅ ይችላል። አባሪው ሁለቱን በሁለት መስመር ለይቶ ካልጻፋቸው ቀላሉ ነገር ከባዱን ይዞት ይወድቃል።

የደንበኛ ዝርዝር የፋሴንዳ ጉዳይ ራሱ ነው። ፋብሪካው በእነማን ሱቅ እንደሚሸጥ መደርደሪያው ላይ ይታያል፤ ያንን ምስጢር ማለት ያስቃል። የማይታየው የትኛው ሱፐርማርኬት በስንት ቀን ዱቤ እንደሚወስድና ምን ያህል ቅናሽ እንደተሰጠው ነው። አባሪው «የደንበኞች ዝርዝር» ካለ ሁሉንም ያጣል፤ «ለእያንዳንዱ ደንበኛ የተሰጠ የዱቤ ጊዜ፣ ቅናሽና የውል ዋጋ» ካለ የሚጠበቀው ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል። የሽያጭ ሠራተኛው በስልኩ የያዘው የገዢዎች ቁጥር ግን ከጭንቅላቱ አይወጣም። ፋብሪካው የሚፈራው ሠራተኛው ደንበኞቹን ይዞ እንዳይሄድ ከሆነ፣ እሱ የውድድር ገደብ ጥያቄ ነው፤ በምስጢር ስም ሾልኮ እንዳይገባ ራሱን ችሎ፣ በቦታና በጊዜ ተወስኖ ሊጻፍና ሊመረመር ይገባዋል።

የሠራተኞች የሕክምና ወረቀትና የግል ፋይል ሌላ ነው። የጥራት አማካሪዋ የምግብ ነክ ሠራተኞችን የጤና ምርመራ ልታይ ትችላለች። ይህን የሚገዛው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው፤ ፋብሪካውና አማካሪዋ በውል ጊዜ ስለወሰኑለት ምስጢርነቱ አያበቃም። በአባሪው የሚጻፈው «በሕጉ መሠረት» ብቻ ነው።

አሁን ወደሚያከራክረው እንምጣ። አማካሪዋ ናሙና አስመርምራ በበርበሬው ውስጥ አፍላቶክሲን ከፍ ብሎ አገኘች እንበል። የአውሮፓ ኅብረት ለበርበሬ የሚፈቅደው ጠቅላላ አፍላቶክሲን በኪሎ 10 ማይክሮግራም ነው፤ ውጤቱ ከዚያ በላይ ነው። ፋብሪካው ውጤቱን በአባሪው ውስጥ «የላቦራቶሪ ውጤቶች» በሚል ቢያስገባው፣ ለተወዳዳሪ እንዳይደርስ ማድረጉ ተገቢ ነው። ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እንዳትናገር ማድረግ ግን አይችልም። የሕግን ግዴታ የሚያግድ ወይም ወንጀልን የሚሸፍን ውል ዓላማው ሕገ ወጥ ነው፤ ወንጀልን የሚጠቁሙ ሰዎችንም የምስክሮችና የወንጀል ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ ከግዴታው ውጭ የሚሆነው ክፍል በግልጽ ይጻፋል፦ በፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ በሕግ ግዴታ ወይም ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ጥቆማ ለመስጠት የሚደረግ መግለጽ ይህን ውል አይጥስም።

ይህ ጨዋነት ብቻ እንዳይመስል። የአሜሪካ የዋስትና ሰነዶችና የገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በ2015 እ.ኤ.አ. ኬቢአር የተባለውን ኩባንያ 130,000 ዶላር ቀጥቷል። ጥፋቱ በውስጥ ምርመራ የሚጠየቁ ሠራተኞች ያለ ሕግ ክፍሉ ፈቃድ ስለ ጉዳዩ እንዳይናገሩ የሚያስፈርም ቅጽ መጠቀሙ ነበር። ቅጹ ማንንም በተግባር ዝም እንዳሰኘ አልተረጋገጠም፤ ለቅጣቱ ጽሑፉ ብቻ በቃ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው የአገሪቱ የንግድ ምስጢር ሕግ ደግሞ ለሠራተኛ፣ ለኮንትራክተርና ለአማካሪ በሚሰጥ የምስጢር ውል ውስጥ የጠቋሚ ከለላ ማስታወቂያ እንዲገባ ይጠይቃል፤ ያላስገባ አሠሪ ያን ሰው ሲከስ ተጨማሪ ቅጣትና የጠበቃ ወጪ አያገኝም። በአሜሪካ ሱቅ፣ የእንክብካቤ ድርጅት ወይም የትራንስፖርት ኩባንያ ከፍተው ሰው ለሚቀጥሩ ወገኖቻችን ይህ ማስታወቂያ ቀጥታ ይመለከታቸዋል።

ዘመኑ

ለዘለዓለም የሚለው ቃል በኢትዮጵያ የውል ሕግ ጠንካራ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ጊዜ ያልተወሰነለትን ውል አንዱ ወገን ለሌላው ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሊያቋርጠው እንደሚችል ያስባል። «ለዘለዓለም» ብሎ የፈረመ አማካሪ ከሦስት ዓመት በኋላ «ጊዜ የለውምና በማስጠንቀቂያ አቋርጬዋለሁ» ብሎ እንዲከራከር በር ይከፈትለታል ማለት ነው። ያሸንፋል አልልም፤ ግን በሩን የከፈተው ረቂቁ ነው።

በሌላ በኩል ሁሉንም በ2 ወይም በ5 ዓመት መዝጋት የባሰ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የምስጢር ውሉ ዘመን ካለፈ በኋላ ባለቤቱ ምስጢሩን ለመጠበቅ ምክንያታዊ ጥንቃቄ አላደረገም፣ ስለዚህም የንግድ ምስጢርነቱ ቀርቷል ያሉባቸው ጉዳዮች አሉ። ለፋብሪካችን ሲመነዘር፣ ምጥኑን ለአማካሪዋ በ2 ዓመት ውል ያሳየ ባለቤት በሦስተኛው ዓመት ምጥኑ እንደተለቀቀ ራሱ ፈርሟል።

መካከለኛው መንገድ ለምጥኑ ዘመኑን በቀን ሳይሆን በሁኔታ ማሰር ነው፦ «መረጃው ያለ ተቀባዩ ጥፋት በሕዝብ ዘንድ እስኪታወቅ ድረስ»። ይህ ማብቂያ አለው፤ የሚያበቃበት ቀን አስቀድሞ አይታወቅም እንጂ የሚያበቃበት ሁኔታ ተጽፏል። ለሌሎቹ ግን የቀን ቁጥር ይሻላል። አባሪው ሲጠናቀቅ ይህን ይመስላል፦

«1. የምጥን መጠን፣ የመቁያ ሙቀትና ጊዜ፦ ያለ ተቀባዩ ጥፋት በሕዝብ ዘንድ እስኪታወቅ።
2. የጥሬ ዕቃ መግዣ ዋጋና የአቅራቢ ውል፦ ግንኙነቱ ካበቃ በኋላ 1 ዓመት።
3. የጨረታ ጠቅላላ ዋጋ፦ ጨረታው እስኪከፈት።
4. የጨረታ ዋጋ የውስጥ ስሌት፦ ግንኙነቱ ካበቃ በኋላ 2 ዓመት።
5. ለእያንዳንዱ ደንበኛ የተሰጠ የዱቤ ጊዜ፣ ቅናሽና የውል ዋጋ፦ ግንኙነቱ ካበቃ በኋላ 18 ወር።
6. የላቦራቶሪ ውጤቶች፦ ግንኙነቱ ካበቃ በኋላ 2 ዓመት፤ ለመንግሥት አካል የሚደረግ መግለጽ አይከለከልም።
7. የሠራተኞች የግል መረጃ፦ በሕጉ መሠረት።»

«ግንኙነቱ ካበቃ በኋላ» የሚለው በከንቱ አልገባም። ዘመኑ ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠር ካልተጻፈ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይደለም። አማካሪዋ የዋጋ ስሌቱን ያየችው መስከረም 10 ቀን 2018 ነው እንበል። ሁለት ዓመቱ መረጃው ከተሰጠበት ቀን ከተቆጠረ መስከረም 10 ቀን 2020 ያበቃል፤ ውሉ ካበቃበት ከተቆጠረ ደግሞ የካቲት 30 ቀን 2020። በመካከሉ ከአምስት ወር በላይ አለ፤ አንድ የጨረታ ወቅት በደንብ ይገባበታል። ለቋሚው የሽያጭ ሠራተኛ ልዩነቱ ይሰፋል። ዐሥር ዓመት ቢሠራ፣ በመጀመሪያው ዓመት ያየው ነገር መረጃው ከተሰጠበት የሚቆጠር ሁለት ዓመት ቢሆን ኖሮ ገና በሥራ ላይ እያለ ነፃ በወጣ ነበር።

የቀን አቆጣጠሩም ይጻፍ። የውጭ አማካሪ የሚፈርመው ባለሁለት ቋንቋ ውል ላይ «እስከ 2020» ብቻ ተጽፎ ሲታይ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይፈጠራል፤ እሱ 2020 እ.ኤ.አ. ብሎ ካነበበው ውሉ ከመፈረሙ በፊት አብቅቷል። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ማለት በቂ ነው፤ ሁለቱን ቀን ጎን ለጎን መጻፍ ደግሞ ይበልጥ።

ሠራተኛና አማካሪ አንድ አይደሉም

አንድ ቅጽ ለሁለቱም ማስፈረም የተለመደ ነው፤ አባሪው አንድ ሊሆን ይችላል፣ ዋናው ውል ግን አይደለም። የሽያጭ ሠራተኛው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥር ነው። አማካሪዋ በራሷ የሙያ ኃላፊነት የምትሠራ ስለሆነች ከአዋጁ ውጭ ሆና በፍትሐ ብሔር ሕጉ ትገዛለች። የሥራ መሪዎችም ከአዋጁ ውጭ ናቸው፤ ይህን ብዙ ድርጅቶች ይረሱታል።

ልዩነቱ ሲከሰስ ይታያል። በአዋጁ መሠረት ከሥራ ግንኙነት የሚመነጭ ክስ በመርሕ ደረጃ በ1 ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን የውል ክስ ጠቅላላ ይርጋ 10 ዓመት ነው። ሠራተኛው ከለቀቀ በኋላ የፈጸመው ጥሰት ከሥራ ግንኙነቱ የመነጨ ነው ወይስ ራሱን ከቻለ ውል የመነጨ ነው የሚለው ሊያከራክር ይችላል። ስለዚህ የምስጢር ጥበቃውን ከቅጥር ውሉ ለይቶ ራሱን የቻለ ሰነድ ማድረግ ያዋጣል። በዚያም ላይ ጥሰቱ በታወቀ ጊዜ ዓመት ሳይሞላ መክሰስ ይሻላል፤ ክርክሩን ለመጋበዝ ምክንያት የለም።

መቀጫም እንዲሁ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 1889 ጀምሮ ተዋዋዮች ለጥሰት የሚከፈለውን መጠን አስቀድመው መወሰን ይችላሉ፤ ጉዳት መድረሱን ማስረዳት ሳያስፈልግ ይጠየቃል። የምስጢር ጥሰት ጉዳት ለማስላት እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነ ይህ ለአማካሪ ውል ትልቅ ዋጋ አለው። ጉዳቱ ከመቀጫው ቢበልጥ ግን ትርፉን ለመጠየቅ የመጉዳት ሐሳብን ወይም ከባድ ጥፋትን ማሳየት ይጠበቃልና መጠኑ በግምት አይጻፍ። ለሠራተኛው ደግሞ ከደመወዙ መቁረጥ በአዋጁ የተገደበ ነው፤ በተፈቀደም ጊዜ ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ አይችልም። በ15,000 ብር ደመወዝ ላይ የግማሽ ሚሊዮን ብር መቀጫ መጻፍ ለማስፈራራት ካልሆነ ለሌላ አይጠቅምም።

አማካሪዋ የራሷ ረዳቶች ካሏት እነሱም እንዲፈርሙ ወይም እሷ ስለ እነሱ እንድትጠየቅ ይጻፍ። ይዛ የመጣችው ቅጽና የሥራ ዘዴ የእሷ መሆኑም ይገለጽ፤ አለበለዚያ የአማካሪዋ ነው የድርጅቱ ነው የሚለው ክርክር ሊነሳ ነው። ከኢንተርኔት በወረዱ ቅጾች ውስጥ ውሉ በደላዌር ሕግ እንደሚገዛ የሚለው ዓረፍተ ነገር ሳይሰረዝ ቀርቶ በኢትዮጵያዊ አሠሪና በኢትዮጵያዊት አማካሪ መካከል ሲፈረም መታየቱ አሁንም አልቀረም።

ስምምነቱ በጽሑፍ መሆን አለበት የሚል የሕግ ግዴታ የለም፤ ይሁንና ጽሑፍ ከተመረጠ ሁለቱም ወገኖች ይፈርሙ፣ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙበት፣ አባሪው ደግሞ በየገጹ ይፈረም። ክርክር የሚነሳው አባሪው ላይ ሆኖ ፊርማው ያለው ዋናው ውል ላይ ብቻ ከሆነ አባሪው ኋላ ተቀይሯል የሚል ሰው አይጠፋም።

የመጨረሻው ሥራ በስንብት ቀን ነው። የሽያጭ ሠራተኛው ክሊራንስ ሲያወጣ፣ አማካሪዋ የመጨረሻ ክፍያዋን ስትቀበል፣ አባሪው ይወጣና አንድ በአንድ ይነበባል፦ በእጅዎ ምን አለ፣ በስልክዎ ምን አለ፣ ከየትኛው የቴሌግራም ግሩፕ ይወጣሉ፣ የትኛው ፋይል ተመለሰ፣ የትኛው ተሰረዘ። መልሱ ከአባሪው ጎን በቀን ይጻፋል፤ ሁለቱም ይፈርሙና አንድ ቅጂ ለሚለቀው ይሰጠዋል። በፋሴንዳ ጉዳይ ዳኞቹ አሠሪው ምስጢር መሆኑን ለሠራተኛው አሳውቋል ወይ ብለው እንደጠየቁት ያለ ጥያቄ ሲመጣ፣ ያ የተፈረመበት ወረቀት መልሱ ይሆናል።